አምስት ጉድጓድ ተቆፍሮ ሦስቱ ብቻ ውሃ ሲሰጡ፦ ለለጋሽ ምን ብለን ሪፖርት እናደርጋለን?

በአንድ የውሃ ፕሮጀክት የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ እንዲህ የሚል መስመር ሰፍሯል እንበል፦ «የተቆፈሩ ጉድጓዶች፤ ዕቅድ 5፣ ክንውን 5፣ አፈጻጸም 100 በመቶ»። በመስመሩ ላይ ሐሰት የለም፤ አምስቱም ተቆፍረዋል። ነገር ግን አንደኛው ደረቅ ሆኖ ቀርቷል። የሌላኛው ውሃ ተመርምሮ ለመጠጥ እንደማይሆን ስለታወቀ ተዘግቷል። ዛሬ ሰው የሚቀዳው ከሦስቱ ብቻ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት መስመሩን አንብቦ ሥራው እንደታቀደው እየሄደ ነው ብሎ ያምናል። መስመሩን የጻፈው ባለሙያም ዋሸሁ ብሎ አያስብም።

ችግር የገጠመው ፕሮጀክት ሪፖርት ሲጻፍለት እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥር የሚፈጥር ሰው ጥቂት ነው፤ ከሁለት እውነተኛ ቁጥሮች ደስ የሚያሰኘውን የሚያስቀድም ግን ብዙ ነው። ከዚህ በታች ይህንኑ የጉድጓድ ፕሮጀክት ይዘን፣ ጉድለቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሪፖርቱ ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ ምን መጻፍ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ፕሮጀክቱና የገንዘብ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተዘጋጁ ናቸው፤ ችግሩ ግን በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የውሃ ሥራ ለሠራ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

ጉዳዩ ምንድን ነው?

አንድ አገር በቀል ድርጅት በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ ቀበሌዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅ ፓምፕ የሚሠሩ 8 ጉድጓዶች ሊቆፍር ከለጋሽ ጋር ተዋውሏል። እያንዳንዱ ጉድጓድ 600,000 ብር ተይዞለታል፤ 300 ሰውም ያጠጣል ተብሎ ታስቧል። በአጠቃላይ 4.8 ሚሊዮን ብርና 2,400 ተጠቃሚ ማለት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 5 ጉድጓድ ተቆፍሮ አገልግሎት መስጠት ነበረበት።

ሦስቱ ተሳክተዋል። አራተኛው 62 ሜትር ድረስ ተቆፍሮ ውሃ አልተገኘበትም። በአምስተኛው ውሃ ተገኝቷል፤ ላቦራቶሪ ሲመረመር ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 3.2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ታየበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚጠጡ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ሲልና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትም ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ ፍሎራይዱ አይተንምና ውሃው ሲቀንስ እንዲያውም ይከማቻል። ስለዚህ ጉድጓዱ ፓምፕ ሳይገጠምለት ተዘግቷል።

ሪፖርቱን መጠበቅ አያስፈልግም

የላቦራቶሪው ውጤት የመጣው የሪፖርቱ ቀን ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው እንበል። ብዙ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ ዝም ይላሉ። እስከ ሪፖርቱ ቀን መፍትሔ ይገኝ ይሆናል፣ ከመፍትሔው ጋር አብረን እንነግራቸዋለን ይላሉ። አስተሳሰቡ ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለጋሹ ሊረዳ የሚችልበትን ጊዜ ይበላል። አንዳንድ ለጋሾች ይህንን በደንብ አስፍረውታል። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የዕርዳታ ገንዘብ ደንብ ሥራውን በእጅጉ የሚያውክ ችግር ወይም መዘግየት ሲያጋጥም የሪፖርት ቀን ሳይጠበቅ ወዲያው እንዲገለጽ ያዛል። ከመግለጫው ጋር የተወሰደው ወይም የታሰበው እርምጃ፣ የሚያስፈልግ እገዛ ካለም እገዛው እንዲጻፍ ይጠይቃል። የሌሎች ለጋሾች ውሎችም ተመሳሳይ አንቀጽ ሊኖራቸው ስለሚችል ውሉን በዚህ ዓይን ማንበብ ጥሩ ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

የመጀመሪያው መልእክት አጭር ቢሆን ይበቃል። ምክንያቱ ገና ካልተጣራ መገመት የለበትም። ለፕሮግራም ኃላፊዋ የሚላከው ደብዳቤ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«አራተኛው ጉድጓድ 62 ሜትር ድረስ ተቆፍሮ ውሃ አልተገኘበትም። የአምስተኛው ጉድጓድ ውሃ ሲመረመር በሊትር 3.2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ተገኝቶበታል፤ የሚመከረው ጣሪያ 1.5 ነው። ጉድጓዱን ዘግተን ለነዋሪዎቹ ምክንያቱን በስብሰባ አስረድተናል። የቀሩት ሦስት ጉድጓዶች ቁፋሮ ለጊዜው ቆሟል። ምክንያቱን አጣርተን ከነአማራጮቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንልክልዎታለን። ለጊዜው ከእርስዎ የምንጠይቀው ውሳኔ የለም።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሆነው ነገር፣ የተደረገው ነገርና ቀጣዩ ቀጠሮ አለ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ቢመስልም ብዙ ይሠራል። ኃላፊዋ አሁኑኑ መልስ የሚጠበቅባት መስሏት እንዳትደናገጥ ያደርጋታል። ነዋሪዎቹ ከለጋሹ አስቀድመው መስማታቸውም በአጋጣሚ አይደለም። ውሃውን ሊጠጡ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ትክክለኛውን ቁጥር ማስቀደም

ሪፖርቱ ሲጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ሠንጠረዡን ማስተካከል ነው። «የተቆፈረ» የሚለው የሥራውን መጠን ይለካል፤ ለጋሹ ገንዘብ የሰጠው ግን ሰው ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ሦስት መስመር ያስፈልጋል። የተቆፈሩ ጉድጓዶች ዕቅድ 5፣ ክንውን 5። አገልግሎት የሚሰጡ ጉድጓዶች ዕቅድ 5፣ ክንውን 3። ንጹሕ ውሃ ያገኙ ሰዎች ዕቅድ 1,500፣ ክንውን 900፣ ይኸውም 60 በመቶ።

ከዚህ ጎን የወጪው ቁጥር መቀመጥ አለበት። ለሦስቱ ጉድጓዶች 1.8 ሚሊዮን ብር ወጥቷል። ለደረቁ ጉድጓድ ለቁፋሮው ብቻ 350,000 ብር፣ ለተዘጋው ደግሞ ከፓምፑ በቀር 520,000 ብር ተከፍሏል። ድምሩ 2.67 ሚሊዮን ነው፤ ለአምስቱ ጉድጓዶች ከተያዘው 3 ሚሊዮን 89 በመቶ መሆኑ ነው። 89 በመቶ ገንዘብ ወጥቶ 60 በመቶ ውጤት መገኘቱ ለዓይን ደስ አይልም። ነገር ግን ለጋሹ የሂሳብ ሪፖርቱን ከሥራ ሪፖርቱ ጋር ሲያመሳክር ልዩነቱን ማየቱ አይቀርም። ልዩነቱን ራሱ ካገኘው ጥያቄው «ለምን አልነገራችሁንም?» ይሆናል። ድርጅቱ ካሳየው ግን «ቀጥሎ ምን እናድርግ?» ወደሚለው ይሻገራል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ከሠንጠረዡ አይጠፋም። አዲስ ዕቅድ ቢጸድቅ እንኳ በሌላ ዓምድ ይጻፋል እንጂ በአሮጌው ላይ አይደረብም። ሁለተኛ፣ ይኸው ቁጥር በሁሉም ሰነድ አንድ መሆን አለበት። በአገራችን ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዓመታዊ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ስምምነት ለፈረሙባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሪፖርት ይልካሉ። ለወረዳው «5 ጉድጓድ ተጠናቀቀ» ብሎ ለለጋሹ «3 አገልግሎት እየሰጠ ነው» የሚል ድርጅት፣ ሁለቱ ሰነዶች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ ቀን እውነቱን የተናገረበትም ሪፖርት ሳይቀር ይጠረጠርበታል።

ከተተከለው ይልቅ የሚያገለግለውን አለመቁጠር ምን እንደሚያስከትል ከደቡባዊ አፍሪካ የታወቀ ታሪክ አለ። ፕሌይፓምፕ የሚባለው ሕፃናት እንደ መጫወቻ ሲያሽከረክሩት ውሃ የሚስብ መሣሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ መንግሥት፣ ኬዝ ፋውንዴሽንና ሌሎች አጋሮች 16.4 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ድጋፍ አስታወቁ፤ በ2010 በአሥር የአፍሪካ አገሮች 4,000 ፓምፖች ለመትከልም ታለመ። በሥራ ላይ ሲውል ግን ሕፃናቱ በማይኖሩበት ሰዓት ከባዱን መሽከርከሪያ የሚገፉት እናቶች ሆኑ። ሲበላሽ ጥገናው ይዘገይ ነበር፤ በተራ የእጅ ፓምፕ ይሻለን ነበር ያሉ መንደሮችም ነበሩ። በ2010 የፋውንዴሽኑ መሥራች ጂን ኬዝ ዕቅዱ እንዳልተሳካ በይፋ ጻፉ። የቀሩት ፓምፖችም ከብዙ የውሃ ቴክኖሎጂ አማራጮች እንደ አንዱ ይቀርቡ ዘንድ ወተር ፎር ፒፕል ለተባለ ድርጅት ተላለፉ። ጽሑፉ ከአንድ ለጋሽ ድርጅት መውጣቱ በተለይ ልብ ይባላል። ገንዘብ የሚሰጠውም ወገን ያልተሳካ ሥራ ያውቃል፤ በተቀባይነት ያለው ሰው ሁሌ እንደሚፈራው ጉድለት ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም።

ምክንያቱን እስከ ራስ ድረስ መከተል

በሪፖርት ውስጥ «በተለያዩ ተግዳሮቶች ምክንያት የተወሰኑ ተግባራት በታቀደው መሠረት አልተከናወኑም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያላየ የለም። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ማን ምን ማድረግ እንደነበረበት አይናገርም። ለጋሹ ከእሱ ተነስቶ ምንም መወሰን አይችልም።

በእኛ ምሳሌ ቀላሉ ምክንያት «የመሬቱ አቀማመጥ አስቸጋሪ መሆኑ» ነው። ከፊል እውነት አለው፤ የሚያድነው ግን ጸሐፊውን ብቻ ነው። ጠለቅ ብሎ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይወጣል። ፕሮፖዛሉ ሲዘጋጅ ወጪ ለመቀነስ ከቁፋሮ በፊት የሚደረገው የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ተትቷል፤ ቦታዎቹ የተመረጡት ለነዋሪው ቅርብ በመሆናቸው ብቻ ነው። ቀድሞ በአካባቢው የተቆፈሩ ጉድጓዶች የውሃ ጥራት ውጤትም በዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት እያለ የጠየቀው አልነበረም። በሪፖርቱ ላይ ይህ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለሁለቱም ጉድለቶች ምክንያት የሆነው የቦታ አመራረጣችን ነው። ከቁፋሮው በፊት የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት አላደረግንም፤ በዞኑ የነበረውን የውሃ ጥራት መረጃም አላገናዘብንም። የቁፋሮ ተቋራጩ በውሉ መሠረት ሠርቷል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ጥፋቱ በሌለበት ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ተቋራጩ አጥፍቶ ቢሆን ኖሮም የሚጻፈው ስድብ ሳይሆን የተቆጠረ ነገር ነው፦ ውሉ የጠየቀው ጥልቀት ስንት ነበር፣ የተቆፈረው ስንት ነው፣ ድርጅቱ በስንት ቀን አስታወቀው፣ ምን መለሰ። በዚህ ዓይነት ምክንያቱ ሲጻፍ ሪፖርቱ መፍትሔውንም አብሮ ይሰጣል። ጥፋቱ በቦታ አመራረጥ ከሆነ የቀሩት ሦስት ቦታዎች ሳይጠኑ መቆፈር የለባቸውም ማለት ነው።

ለውሳኔ የሚመች አማራጭ

የለጋሹ ባለሙያ ሪፖርቱን ይዛ ወደ አለቃዋ ስትገባ መልስ የሚያስፈልጋት ጥያቄ አንድ ነው፤ አሁን ምን እንፍቀድ? ስለዚህ የተስተካከለ አማራጭ ከነቁጥሩ መቅረብ አለበት። ከ4.8 ሚሊዮኑ 2.13 ሚሊዮን ብር ቀርቷል።

የመጀመሪያው አማራጭ የቀሩትን ሦስት ጉድጓዶች በየቦታው 40,000 ብር የሚያስፈልገው ጥናት ተደርጎላቸው መቆፈር ነው። ወጪው 1.92 ሚሊዮን ይሆናል፤ 210,000 ብር ይተርፋል። ዓመቱ ሲያልቅ 6 ጉድጓድ ለ1,800 ሰው ያገለግላል። ሁለተኛው አማራጭ አራት ጉድጓድ ቆፍሮ 7 ማድረስ፣ ተጠቃሚውንም 2,100 ማድረግ ነው። ለዚህ 430,000 ብር ተጨማሪና የሁለት ወር ማራዘሚያ ይጠይቃል።

ድርጅቱ የትኛውን እንደሚመርጥና ለምን እንደሆነ መናገር አለበት። እዚህ የሚመከረው የመጀመሪያው ነው። በተዘጋው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ቢቆፈር ውሃው ያንኑ ፍሎራይድ ይዞ የመውጣቱ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ሰባተኛው ጉድጓድ በጣም የተቸገሩትን አባወራዎች አይደርስላቸውም። ይልቅ የተረፈው 210,000 ብር ወረዳው ከሌላ ምንጭ ወደዚያ ቀበሌ ሊዘረጋ ላሰበው የቧንቧ መስመር ዲዛይን እንዲውል ፈቃድ ይጠየቃል። ገንዘቡ ከታለመለት ሌላ ጥቅም ላይ ስለሚውል በቃል መስማማት አይበቃም፤ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር መቅረት የለበትም። አንዱ «በየትኛውም አማራጭ መጀመሪያ ቃል የገባነው 8 ጉድጓድና 2,400 ተጠቃሚ አይሞላም» የሚል ነው። ለመጻፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን ካልተጻፈ ለጋሹ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ይካካሳል ብሎ ይጠብቃል። ሌላው የመፍትሔውን ገደብ ይናገራል፦ «የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ደረቅ ጉድጓድ የመቆፈርን አደጋ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ፍሎራይድንም አያሳይም። ለዚህ በአቅራቢያ ያሉ ጉድጓዶችን ውሃ አስመርምረን እንነሳለን።» ከመጠን በላይ ቃል የገባ የመፍትሔ ዕቅድ የሚቀጥለውን መጥፎ ሪፖርት ከአሁኑ ያዘጋጃል።

ቃናው

ግልጽነት ማለት ራስን መውቀጥ አይደለም። «በጥልቅ እናዝናለን» የሚለውን በየአንቀጹ የሚደጋግም ሪፖርት አንባቢውን አጽናኝ እንዲሆን ያስገድደዋል። በአንጻሩ ጉድለቱን በሦስት ገጽ የስኬት ታሪክ መካከል የሚሸጉጥ ሪፖርት ተንኮል ይመስላል። ሚዛኑ ቀላል ነው። ጉድለቱ በሪፖርቱ መግቢያ ማጠቃለያ ውስጥ፣ ከስኬቱ ጋር በአንድ አንቀጽ፣ በተመሳሳይ ርጋታ ይነገራል፦ «ሦስት ጉድጓዶች 900 ሰው እያገለገሉ ነው። ሁለቱ አልተሳኩም፤ ምክንያቱና የምንጠይቀው ለውጥ በክፍል 4 ተብራርቷል።» አንድ ይቅርታ ካስፈለገ አንድ ጊዜ፣ በቦታው ይበቃል።

የተሳካውም በልኩ መነገር አለበት። ሦስቱ ጉድጓዶች የውሃ ኮሚቴ ተቋቁሞላቸው፣ የጥገና መዋጮ እየተሰበሰበ ከሆነ ያ እውነተኛ ሥራ ነው። ለጉድለቱ መሸፈኛ ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል። ፎቶ ሲመረጥም እንዲሁ ነው። የተዘጋው ጉድጓድ በተመረቀበት ቀን የተነሳ የደስታ ፎቶ በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ከወጣ፣ ከውስጥ የተጻፈውን እውነት ሁሉ ያፈርሳል።

በዚህ ክፍል የማይጻፉም ነገሮች አሉ። የገንዘብ ማጭበርበር ጥርጣሬ ወይም በሠራተኛ የደረሰ ጥቃት እንደ ተራ የሥራ ችግር በሪፖርት መሃል አይጠቀስም። ለእነዚህ ውሎች የተለየ ሚስጥራዊ መስመር ያስቀምጣሉ፤ ወዲያው በዚያ ይላካል። የጸጥታ ችግር ሥራውን ሲያግድም የቀኑ ብዛትና የሥራው መስተጓጎል ይጻፋል፤ ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ስምና ቦታ ግን አይጻፍም።

እውነቱ ከመስክ እንዲመጣ

ይህ ሁሉ የሚሠራው የመስክ ሠራተኛው ያየውን ለቢሮው ሲናገር ነው። ቁፋሮው ቦታ ላይ ያለው ልጅ «ጉድጓዱ ደረቅ ነው» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው ቁጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ውሃው ትንሽ ነው» ይላል። ቢሮው «የምርት መጠኑ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ለጋሹ ዘንድ ሲደርስ «ተጠናቋል» ይሆናል። ስለዚህ በየወሩ የመስክ ሪፖርት ቅጽ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ ጉድጓድ ስንት ነው? ምክንያቱስ?» የሚል ባዶ ሊተው የማይችል ቦታ ማስገባት ይጠቅማል። መልሱ ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል።

ለጋሹ ምላሽ ከሰጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። የተፈቀደው ለውጥ በውሉ ማሻሻያ ወይም በደብዳቤ ይመዘገባል፤ የተጠሪዋ ሠራተኛ ብትቀየር የሚተካት ሰው ያንኑ ሰነድ ያገኛል። የሚቀጥለው ሪፖርት ደግሞ ከአዲስ ስኬት ሳይሆን ከዚያኛው ቃል መጀመር አለበት፦ ሦስቱ ቦታዎች ተጠኑ ወይ? በአቅራቢያ ያሉ ጉድጓዶች ውሃቸው ተመረመረ ወይ? 210,000 ብሩ ወደ ዲዛይኑ ደረሰ ወይ? አንድ ጉድለት በሐቀኝነት ሪፖርት ተደርጓል የሚባለው እነዚህ ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሲመለሱ፣ ያልተፈጸመውም አሁንም ያልተፈጸመ ተብሎ ሲጻፍ ነው።